ሽማግሌ ይዤ ቀጠሮ የሄድኩ ለት

ከሠናይት ጋር በመተዋወቂያ አፕ ሦስት ወር ስናወራ፣ እኔ ዋልልኝ የምባለው የሂሳብ መምህር እንዴት ያለ ጨዋታ አዋቂ ነበርኩ መሰላችሁ! አንዱን መልእክት አሥር ጊዜ እየሰረዝኩ ስለምጽፍ ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ምላሴ ይተሳሰራል። እሷ ከኩዌት ተመልሳ እዚሁ ደብረ ታቦር ልብስ ትሰፋለች። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ እንደሷ ያሳቀኝ ሰው የለም፤ እንዳላጣት ፈርቼ ነበር።

አወቅሁ ብዬ "ቤቴ ነይና ምሳ ልጋብዝሽ" አልኳት። እምቢ አለች። መጀመሪያ በቪዲዮ ደውላ የፎቶው ሰውዬ እኔው መሆኔን አየች፤ ግንባሬ ከፎቶው ሁለት ጣት ቢሰፋም አለፍኩ። ከዚያ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ጭማቂ ቤት ቀጠረችኝ። ራሷ ባጃጅ ተኮናትራ መጥታ ራሷ ትመለሳለች። ጓደኛዋ ዓይናለም ሌላ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። አንተም ደስ ካለህ ሰው ይዘህ ና አለችኝ።

ጅብ ነኝ እንዴ ብዬ ሙሉ ቀን አኮረፍኩ። ሳስበው ግን እውነቷን ነው፤ የማታውቀው ወንድ ቤት ምን ልትሠራ ትመጣለች? እንዲያውም እኔው ብቻዬን መሄዱ አስፈራኝ። ሰው ይዘህ ና ብላ የለ? ከጉና ሥር አጎቴን አያ ደምሴን አስመጣሁ። አያ ደምሴ ስንቱን ያስታረቁ፣ ስንቱን የዳሩ ሽማግሌ ናቸው። ለምን እንደምንሄድ ግን በቅጡ አልነገርኳቸውም።

ሠናይት ገና ወንበር ስትስብ አያ ደምሴ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል" አሉ።

ጭማቂ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየን። ሠናይት ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ዓይናለም ሄደች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ልከተላት ብድግ ስል ዓይናለም ስልኳን ጨብጣ አየችኝ፤ ባለሁበት ቆምኩ።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ልትሄጂ ከፈለግሽ አልከተልሽም" አልኳት ሠናይትን፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አያ ደምሴ ምን አጠፋን አሉኝ። ለመተዋወቅ ብቻ ነው የመጣነው ስላቸው ከዘራቸውን ጭኔ ላይ ሊያሳርፉት ትንሽ ነበር የቀራቸው።

ስልኬ ጮኸ። መልእክቱ የሠናይት ነው፤ አጎትህን ዓይናለም ጋ አስቀምጥና አንተ መስኮቱ ጋ ና፣ ሃያ ደቂቃ አለህ ይላል።

አያ ደምሴ አቮካዷቸውን በማንኪያ እየዛቁ ዓይናለምን የማን ልጅ ነሽ ማለት ጀመሩ። እኔ መስኮቱ ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ። ባዶ ብርጭቆ አንሥቼ ልጠጣ ስል አየችኝ።

"ለካ አንተም ፈርተህ ነው" አለችኝ።

"በጣም" አልኳት። በሦስት ወር ውስጥ የልቤን ሳልሰርዝ ስነግራት ይህ የመጀመሪያው ነው።