ሰሜን ማለት ላይ ነው

ባሌ ሰው ማመን ይወዳል። «ነገ እመልሳለሁ» ብሎ ጃንጥላውን የወሰደበትን ሰው ዛሬም ዝናብ እየመታው ይጠብቃል። እናም ከከተማው ዳር ቦታ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ ሲለኝ፣ «ካርታው ሳይጣራ ቀብድ የሚባል ነገር ከእጄ አይወጣም» አልኩት።

ቦታውን የፈለግነው ለእናቴ ነው። የተከራየነው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ጉልበቷ ስለከዳት ደረጃውን የምትወርደው ቁጭ ብላ፣ በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች ነው። ሰው ሲያልፍ፣ ሳሎኗ የተቀመጠች ይመስል «ደህና ዋላችሁ?» ትላለች። እነሱ ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች፤ የእኔ አንጀት ግን ያርራል።

ሻጩን በልቤ «አባ መሐላ» አልኩት። «ይቺ መሬት ትብላኝ፣ ንጹሕ ናት!» ሳይል አረፍተ ነገር አይጨርስም። በመሐላ ቤት አይሠራምና መሬት አስተዳደር ቢሮ ይዤው ሄድኩ። ማኅደሩ ወጣ። ካርታው ከቢሮው ቅጂ ጋር አንድ ነው፤ የባንክ ዕዳም የፍርድ ቤት እገዳም የለበትም። ሚስቱም መጥታ በሽያጩ እንደምትስማማ ተናገረች። ባሌ «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን አየኝ። ወረቀቱስ ንጹሕ ነው፤ የቀረን መሬቱን ማየት ነበር።

አመሻሹ ላይ እናቴን ይዘን፣ ቀያሽ ቀጥረን ሄድን። ዳገት ላይ ሁለት ቦታዎች ጀርባ ለጀርባ ገጥመዋል፤ አንዱ ወደ ላይኛው መንገድ፣ ሌላው ወደ ታችኛው ይከፈታል። አባ መሐላ የላይኛውን «የእኔ ነው» አለን። ባዶ ነው፤ ጥጉ ላይ እሱ የተከለው ሰፊ ዛፍ አለ። በታችኛው ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ሠርታ ትኖራለች። በመካከላቸው ባለው አጥር ለዓመታት ሲካሰሱ ኖረዋል።

ካርታውን አነበብኩ፤ «በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ የግል ይዞታ።» ፊቴን ወደ ላይኛው መንገድ አዞርኩ። ልትጠልቅ ያለችው ፀሐይ ቀኝ ጉንጬን ጠበሰችኝ። ወደ ሰሜን ዞሬ ቢሆንማ በግራዬ ነበር መጥለቅ የነበረባት።

«ጋሼ፣ ሰሜን በየት በኩል ነው?»

«ሰሜንማ ላይ ነው!» ካርታውን ነጥቆ በጣቱ ጠቆመኝ። «ይኸው፣ ወረቀቱ ላይ መንገዱ ከላይ። እዚህም መንገዱ ከላይ። ዳገቱ አይታይሽም እንዴ?»

«ፀሐይዋስ?»

«ፀሐይ ካርታ አላት እንዴ?»

ቀያሹ ካርታውን ከእጁ ወሰደ። ካርታው ላይ ያሉትን የጥግ ነጥቦች ቁጥር መሣሪያው ውስጥ አስገባና መሣሪያው ወደመራው ሄደ። ቁልቁል ወረደ፣ አጥሩን ዞረ፣ የልብስ ሰፊዋ ዶሮ ቤት ውስጥ ገባ። ዶሮዎቹ አካባቢውን በጩኸት አደባለቁት።

«አንደኛው ጥግ እዚህ ነው!» አለ ከዶሮዎቹ መካከል።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች። «ደግሞ አጥሬን ሊገፋ መጣ?» ብላ የራሷን ካርታ ይዛ ተመለሰች። የእሷ «በደቡብ መንገድ» ይላል።

«እኔም ደቡብ ማለት ታች መስሎኝ!» አለች።

«ዳገቱ የሚወጣው ወደ ደቡብ ነው» አለ ቀያሹ ለልብስ ሰፊዋ፣ ላባ ከጸጉሩ እያራገፈ። «የላይኛው የእርስዎ ነው፣ የታችኛው የእሳቸው። የተካሰሳችሁበት አጥር ግን ስንዝር አልተዛነፈም።»

አባ መሐላ አፉን ከፈተ። «ታዲያ ለማን ስከራከር ነው የኖርኩት?»

«ለእኔ ነዋ! እግዜር ይስጥልኝ!» አለች ልብስ ሰፊዋ እየሳቀች።

«ይቺ መሬት ት...» ብሎ ጀመረና ቁልቁል እግሩን አየ። «ቆይ፣ የማን መሬት ላይ ነው የቆምኩት?»

ሴትዮዋ ግን ሳቋ ቶሎ ጠፋ፤ ቤቷ የቆመው በሰው መሬት ላይ ነው። እሱም ዛፉን ቀና ብሎ አየ። ሁለቱም ደነገጡ፤ ድንጋጤያቸው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አስታረቃቸው። ቢሮ አብረው ሄደው ቦታ ለመለዋወጥ ተስማሙ።

«እንግዲያው ቀብዱን...» አለ ባሌ።

«ቢሮው ልውውጡን አጽድቆ የላይኛው በጋሼ ስም አዲስ ካርታ ሳይወጣለት፣ አንድም ሳንቲም!» አልኩ።

ይህን ብዬ ግን ወደ እናቴ ዞርኩ፤ ለእሷ ያ ደረጃ ገና አላለቀም። ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። «እማዬ፣ ዛሬ አልሆነም። ሰሜን ጠፋብን» አልኳት።

«ሰሜን እስኪገኝ እጠብቃለሁ። እዚህ እንደሁ ደረጃ የለ።»

«ይቀመጡ እማማ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «ለጊዜው የእኔ ነው አሉ።»

ልንሄድ ስንል እናቴ ክንዴን ይዛ ተነሳች፤ ባዶውን ቦታ ተሻግራ እስከ መንገዱ በእግሯ ሄደች። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው አየችና ቀና አለች።

«ደህና ዋላችሁ?» አለች፣ ቆማ።