ሠላሳ ጥንድ በአንድ እጅ

የጫማ ሰፊዋ ቀኝ እጅ መደንዘዝ ከጀመረ ሁለት ወር አልፎታል፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። መባሉስ ቀላል ነው፤ ተናጋሪው እሷ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢውል ኖሮ እሱም አፉን ይዘጋ ነበር።

የጫማ ሥራ ቤቱ አንድ ረጅም ክፍል ነው። አምስት ሠራተኞች በመስኮቱ በኩል ተሰልፈው ይቀመጣሉ። ቆራጩ ቆዳውን ይቆርጣል። እሷ የተቆረጠውን ከገበሩ ጋር በመኪና ትሰፋለች። የተሰፋውን ወጣሪው ተቀብሎ የእግር ቅርጽ ባለው ፎርማ ላይ በጉጠት እየጎተተ ይወጥረዋል። ማስቲሽ ቀቢው ሶሉን ይለጥፋል። ጨራሹ ጠርዙን ይሞርዳል፣ ቀለሙን ይቀባል፣ ሣጥን ውስጥ ይከታል። ወሬኛም እሱ ነው፤ ለወሬው ግን ተለይቶ የተመደበለት ሰዓት የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት እንዲህ አልነበረም። ያኔ ሁሉም ጫማውን ከቆዳው እስከ ሣጥኑ ለብቻው ይሠራ ነበር፤ አንድ ሰው በቀን ሁለት ጥንድ ካወጣ ጀግና ነው። ቢላዋ አስቀምጦ ጉጠት ፍለጋ ይዞራል፤ ያለችው አንዲት የስፌት መኪና ስለሆነች ተራ ይጠብቃል፤ ማስቲሽ ቀብቶ እስኪደርቅለት ሩብ ሰዓት ያዛጋል። አለቃው ይህን ሲያይ ከርሞ አንድ ቀን ሥራውን ለአምስት ከፈለው። ማስቲሽ ቀቢው አሁን ሃያ ሶል ደርድሮ ይቀባል፤ መጨረሻው ጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ደርቆ ይጠብቀዋል። ማዛጋት ቀረ። እጅም አንድ ነገር ብቻ ሲደጋግም ዓይን ሳያስቸግር ይሄዳል። በፊት አምስት ሰው አሥር ጥንድ ያወጣበት በነበረው ቀን ሠላሳ ይወጣበት ጀመር። አለቃው ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል፤ ተረቱን እሱ የፈጠረው እስኪመስል ድረስ።

አንድ ነገር ግን አይናገርም። በፊት የዘገየ ሰው የሚዘገየው ለራሱ ነበር። አሁን አንዱ ሲዘገይ ከኋላው የመጣው ሥራ ይከመርበታል፣ ከፊቱ ያለው ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። መደበቂያ የለም። ሰፊዋ ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው በግራዋ ያለውን የቆዳ ክምር ነበር፤ ቁመቱን በዓይኗ ትለካዋለች። ሦስት ልጆች አሏት፤ ከስፌት በቀር የምታውቀው ሥራ የለም። ከዚህ ወንበር ከተነሳች የት ትቀመጣለች?

ወጣሪው የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ እዚህ ያስገባችውም እሷ ናት። ሰኞ ዕለት ከእጇ የተቀበለውን ስፌት ገልብጦ ሲያይ ገበሩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አገኘ። ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ መርፌው ወግቶሻል።»

ጣቷን አየችው። ደምቷል። አልተሰማትም ነበር።

«ለማንም እንዳትነግር» አለችው።

«እጅሽ ነው?»

«ሆድ ይፍጀው፤ ዝም በል።»

እሱም ገበሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ወጠረው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አለቃው ከቢሮው ወጣ። የአራት መቶ ጥንድ የተማሪ ጫማ ትዕዛዝ ተቀብሏል፤ ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት ነው፤ የዕለቱ ሥራ ደግሞ ከሠላሳ ወደ ሃያ ሁለት ወርዷል። ማንንም አልተቆጣም። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ከቆራጩ ጀምሮ በቀስታ እየተራመደ መጣ። ሰፊዋ የእርምጃውን ድምፅ በጀርባዋ ትቆጥር ነበር።

አጠገቧ ሳይደርስ ወጣሪውን አየው። ወጣሪው ባዶ ጠረጴዛ ፊት ቆሟል።

«አንተ ለምን ትቆማለህ?»

«ፎርማ አነሰኝ አለቃ» አለ ወጣሪው ዓይኑን ሳይሰብር። «የወጠርኩት ቅርጹን እስኪይዝ ፎርማው ላይ ማደር አለበት። ያሉት ሁሉ ተይዘዋል፤ ለዚህ ነው እትዬም ያዘገየችው። እኔ ነኝ ቀስ በይ ያልኳት።»

ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። እውነቱን መናገር ነበረባት፤ አልተናገረችም። ፈራች፤ ሌላ ስም የለውም። አለቃው ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ አዲስ ፎርማ መጣ። አለቃው እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ የጎደለውን ከነገሩት ይሞላል። እስከ ምሳ ሰዓት ፎርማዎቹ እንዳሉ ተደርድረው ቀሩ፤ የሚለብሱት ቆዳ አጡ። የቆራጩ ክምር ግን የሰፊዋን ትከሻ አለፈ።

አለቃው ወጣሪው ፊት መጥቶ ቆመ። «ዋሽተኸኛል። ዕቃህን ሰብስብ» አለው፤ ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም።

ወጣሪው መሸረጡን መፍታት ጀመረ። ጨራሹ ሞረዱን አስቀመጠ። ያኔ ሰፊዋ ተነሳች።

«እሱ አይደለም። እጄ ነው።» ቀኝ እጇን ዘረጋችለት። «ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ዘጠኝ ዓመት ይችኑ አንዲት ነገር ስገፋ ከርሜ፣ አሁን መርፌው ቢወጋኝም አላውቅም። የሚወጣ ካለ እኔ ነኝ የምወጣው።»

አለቃው እጇን አየ። ከዚያ ዞሮ አራቱን ወንዶች አንድ በአንድ አያቸው።

«ከእናንተ መስፋት የሚችል ማነው?»

ወጣሪው፣ ማስቲሽ ቀቢውና ጨራሹ ሥራው ከተከፈለ በኋላ የመጡ ናቸው፤ ከየድርሻቸው ውጪ ምንም አልነኩም። ቆራጩ ድሮ ይሰፋ ነበር፤ አሁን ግን ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ተወው። «እጄ ረስቶታል» አለ እያፈረ።

«ዞር በሉ ከዚህ!» አለና አለቃው ራሱ መኪናው ላይ ተቀመጠ። በወጣትነቱ ምርጥ ጫማ ሰፊ እንደነበረ ሁሉም ሰምቷል። ፔዳሉን ረገጠው። የፊተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ስፌቱ ከመስመሩ ሸሸ፤ ቆዳው ተጨማደደ። ሌላ አነሳ። እሱም ተበላሸ። ሦስተኛውን አንስቶ ሳይሰፋው መልሶ አስቀመጠው፤ ግንባሩ አልቦታል።

ሰፊዋ ይህን ቆማ አየች። ይህ ሰው ያባርረኛል ብላ ሁለት ወር እንቅልፍ አጥታለች። አሁን የገባት ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ፈርቷል። አራቱም ፈርተዋል። የአምስት ቤት እንጀራ በዚህች በደነዘዘች እጅ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ይህንንም እስከ ዛሬ ያስተዋለ አልነበረም።

«ሐኪም ጋ ልሂድ» አለች። «ለአንድ ወር ያህል ልረፍ። እስክሄድ ስፌቱን ለወጣሪው አሳየዋለሁ።»

«መቼ ሊለምድ? ትዕዛዙ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው።» አለቃው ከወንበሩ ተነሳ። «ከትዕዛዙ በኋላ ሁሉም ሰው ሌላ ሥራ ይማራል፤ ቃሌ ነው። አንተም መሸረጥህን እሰር» አለው ወጣሪውን። «ለጊዜው…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

የሰፊዋን ወንበር በመዳፉ ጠረገላት። ክንዷን ይዞ፣ በሽተኛ እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጎ አስቀመጣት። ከክምሩ የላይኛውን ቆዳ አነሳና ፊቷ አኖረላት።

«ቀስ እያልሽ፣ እህቴ» አላት።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እህቴ ብሏት አያውቅም ነበር። ከዚህ ወንበር እንደማያስነሳት ገባት፤ ክምሩን ስታይ፣ እርምጃውን ስትሰማ እንኳ እንዲህ አልፈራችም ነበር።