ጠብቆ የተሰፋ፣ ላልቶ የሰፋ

ጡረታ የወጣው የቋንቋ መምህር የታላቅ እኅቱን ግጥሞች ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ሰንብቶ፣ ከአንዲት ባለሁለት ስንኝ ግጥም ላይ ሲደርስ ብዕሩ እንደ ግትር በቅሎ አልሄድም ብሎ ቆመበት። ግጥሟ ይህች ናት፦

አትስጊ እኅቴ ሆይ ለልብሴ ቀዳዳ፣
ቀን ሲጨመርበት ይሰፋል በጓዳ።

ሰሙንና ወርቁን በአንድ ገላ የተሸከመው ኅብረ ቃል «ይሰፋል» ነው። «ሰ» እና «ፋ» ጠብቀው ሲነበቡ መርፌና ክር ይገባበታል፤ ቀዳዳው ይጠገናልና ሐሳብ አይግባሽ ማለት ነው። ይህ ሰሙ ነው። ላልተው ሲነበቡ ግን ቀዳዳው ሰው በማያይበት ጓዳ ቀን በቀን እየተለቀ ይሄዳል። ይህ ደግሞ ወርቁ። ወረቀት ሁለቱን አቻችሎ ይይዛል፤ አፍ ግን አንዱን ሳይመርጥ አይናገርም።

እኅቱ ልብስ ሰፊ ናት። ግጥሟን የጻፈችው ባሕር ማዶ ለተዳረችው ታናሻቸው ነበር። ታናሺቱ ሰሙን ብቻ አንብባ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ መርፌና ክር ላከችላት። ታላቂቱ ቆርቆሮውን ሳትከፍተው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው፤ ታናሺቱም ወርቁ ሳይገባት ዐረፈች። አሁን የቀረችው ልጇ ናት፤ እርሷ ደግሞ ከእንግሊዝኛ በቀር አታነብም።

«እትዬ፣ ከግርጌ ማብራሪያ ልጨምርበት?» አላት መምህሩ።

«ወርቁን ከግርጌ ካሰጣኸው እኔን ራቁቴን አደባባይ አቆምኸኝ ማለት ነው» አለች እኅቱ፣ ዓይኗን ከስፌት መኪናዋ ሳታነሣ። «ልጅቷ ራሷ ካላገኘችው መጽሐፉም ይቅርብኝ።»

«በእንግሊዝኛ እኮ መስፋት ሌላ ነው፣ መስፋት ሌላ ነው!»

«እኔ ቁልፍ ተካይዋ ምን ዐውቃለሁ? ዕድሜህን ሙሉ ያስተማርኸው አንተ!»

መምህሩ በማግሥቱ ሰሙን ብቻ የያዘ የእንግሊዝኛ ረቂቁን ይዞ ወደ ማተሚያ ቤቱ አዘገመ። አርታኢዋ ወጣት ናት፤ ረቂቁን ተቀብላ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፣ ወዲያውም ተደናቀፈች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ‹ቀዳዳ› የሚለውን እንባ ብዬ አነበብኩት።»

«ምን አልሽ?»

«አይቆጡኝ፣ ተሳስቼ ነው። አጻጻፉ አንድ ስለሆነ . . .»

«ኧረ አልቆጣም! በይ እስኪ ደግመሽ ተሳሳቺልኝ!»

ልጅቱ ሽማግሌው ዞረበት እንዴ በሚል ዓይን እያየችው ደገመችለት። በእርግጥም ያ የእንግሊዝኛ ቃል ፊደሉ ሳይለወጥ «ቴር» ሲባል የጨርቅ ቀዳዳ፣ «ቲር» ሲባል የዓይን እንባ ነው። እንግሊዝኛ ማጥበቅና ማላላት ባይኖረውም፣ ወረቀት ላይ አንድ ሆኖ አፍ ላይ የሚለያይ ቃል አላጣም።

መምህሩ ኅብረ ቃሉን ከግሡ ላይ አንሥቶ ወደ ስሙ አዛወረው። ሆኖም ግሡ አሳበቀበት። «ይጠገናል» ቢል እንባ አይጠገንም፤ «ይደርቃል» ቢል ቀዳዳ አይደርቅም። አንደኛውን ትርጉም ገፍቶ የሚያስወጣ ግሥ ሁሉ ተሰረዘ። በመጨረሻ ለሁለቱም የሚገጥም አገኘ፤ ቀዳዳም እንባም ይሸሸጋል። ስለዚህ የእንግሊዝኛው ስንኝ «አትስጊ እኅቴ ሆይ፤ ይህን ቀን በቀን በጓዳ እሸሽገዋለሁ» የሚል ሆነ፣ «ይህን» ከሚለው ቀጥሎ ያ ባለሁለት አፍ ቃል ገብቶ።

ለእኅቱ አንድ በአንድ ሲያስረዳት ፊቷ ጠቆረ።

«ማነው አለቀሰች ያለህ?»

«ማንም። ወርቁ ያው እንዳልሆነ ዐውቃለሁ፣ እትዬ። ያንቺው ይሰፋል፣ የእኔው ያለቅሳል። መስፋቱ መንገድ ላይ ቀረብኝ።»

እኅቱ ክሩን በምራቋ አሹላ በመርፌው ዓይን አሾለከች። መምህሩም መጽሐፉ ቀረ ብሎ ባርኔጣውን አነሣ።

«ሞኝ!» አለች። «በጓዳ ሲሰፋ በዚያ በኩል ምን የሚወጣ መሰለህ? ይታተም።»

መጽሐፉ ታትሞ ባሕር ማዶ በደረሰ ጊዜ የታናሺቱ ልጅ ደወለች። መምህሩ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ የመቍረጫው ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ልጅቷ ግጥሟን በእንግሊዝኛ አነበበችላቸው፤ ቃሉ ጋ ስትደርስ «ቴር» ብላ አለፈች። መምህሩ ዳግመኛ መርፌና ክር ሊመጣ ነው ብሎ ሰጋ።

የንባቡ ድምፅ ግን እመጨረሻው ሳይደርስ ተቋረጠ። ልጅቷ ከመጀመሪያው ተመልሳ፣ በዝግታ፣ ቃሉን «ቲር» አለችው። ከዚያ ወዲያ መቀጠል አልቻለችም።

እንግሊዝኛ የማታውቀው ልብስ ሰፊ ቀና አለች።

«ቅድም እንዲያ አላለችም።»

«አላለችም።»

«አገኘችው?»

መምህሩ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እኅቱ ተነሥታ ቆርቆሮውን ከመደርደሪያው አወረደች፤ ክዳኑ አስቸግሯት በጥፍሯ ፈልቅቃ ከፈተችው። አንዲት መርፌ አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘች።

«የእናትሽ መርፌ እስካሁን አልዛገም በላት» አለች።