ያላነበበችው ረድፍ

ፀጉር ሠሪዋ በየወሩ የምትከፍልበትን የፊልም መመልከቻ መተግበሪያ ደረጃ ከመካከለኛው ወደ ርካሹ ከመቀየሯ በፊት ሦስቱን ደረጃዎች ጎን ለጎን አስተያይታ ነበር። ታችኛውና መካከለኛው የምስል ጥራታቸው እኩል ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ በሁለት ስክሪን ያሳያሉ። ላይኛው አራት ስክሪንና እጅግ የጠራ ምስል ቢሰጥም፣ አሮጌው ቴሌቪዥኗ ያንን ጥራት አያወጣውም።

«ልዩነቱ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ማስታወቂያ ደግሞ ማንን ገደለ?» አለችና ታችኛውን ነካችው።

አባቷ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ሲሄዱ አራት ሰዓት ያህል ከማሽኑ ጋር ታስረው ይቀመጣሉ። ክፍሉ ውስጥ ኔትዎርክ የለም፤ ስለዚህ እሷ ቀደም ብላ ብዙ አስቂኝ ፊልሞች ቤት ሳሉ ስልካቸው ላይ አውርዳላቸው ነበር።

አንድ ቀን ልትወስዳቸው ቀደም ብላ ደረሰች። ስልኩን ደረታቸው ላይ ደፍተው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«አባትሽ መሳቅ ካቆሙ ሰነበቱ» አሏት አጠገባቸው ኩላሊታቸውን የሚታጠቡት አስተማሪ። «እሳቸው ሲስቁ እኛም እንስቅ ነበር።»

«የሆነ ነገር ነካሁ መሰለኝ፣ ፊልሙ ሁሉ ጠፋ» አሉ አባቷ። «ሥራ በዝቶብሻል ብዬ ዝም አልኩ።»

ስልኩን ተቀበለቻቸው። ያሉበት ደረጃ ማውረድ አይፈቅድም ይላል። ነገሩ ወዲያው ገባት።

«አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል» አለች። ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ ፊቷ ጋለ።

ማታ ሠንጠረዡን እንደገና ከፈተችው። ከማስታወቂያው ረድፍ በታች ሌላ ረድፍ አለ፤ ማውረድ፦ ታችኛው አይፈቅድም፣ መካከለኛው በሁለት ስልክ፣ ላይኛው በስድስት። እሷ ማስታወቂያው ላይ ስትደርስ ነው ማንበብ ያቆመችው። ወደ መካከለኛው መለሰችው፤ ወዲያው ሠራ። የአባቷን ስልክ በፊልም ሞላችው።

ጠዋት ጫማቸውን ሲያስሩ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«አባዬ፣ አንተ ምንም አልነካህም። እኔ ነኝ። ርካሽ ብዬ ቀየርኩት፤ ማውረድ እንደሚከለክል አላየሁም። ትናንትም ዋሸሁህ።»



«እኔ እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እርጅና መጣ፣ ጣቴም ከዳኝ ብዬ ስልኩን መንካት ፈርቼ ነበር።»

ቢቆጧት ይቀላት ነበር። «ይቅር በለኝ» አለች።

«ተይ እንግዲህ፣ ሰው አልሞተ» አሉና ትከሻዋን ተደግፈው ተነሡ። «ያ ሰውዬ መሰላል ላይ የሚንጠለጠልበት ፊልም አለበት?»

«አለበት።»

የዚያን ቀን ፀጉር ቤቷን ዘግታ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጠበቀቻቸው። ከበሩ ወዲያ አባቷ ሲስቁ፣ አስተማሪውም «ኧረ ወደዚህ አዙሩት!» ሲሉ ሰማች። ነርሷ ሳይቀር ሳቀች። እሷ ግን አባቷ ጣሪያ እያዩ ያሳለፏቸው ሰዓታት ፊቷ ላይ ድቅን እያሉባት፣ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።