ሳይቀዘቅዝ የተከፈተ ከሰል

ወልደሥላሴ እባላለሁ። በ1979 ዓ.ም. አቦቦ የሰፈራ ጣቢያ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ ዕውቀቴን የማድል ሰው ነበርኩ፤ ጉድ የሠራኝም ይኸው ጠባዬ ነው።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኡጁሉ የሚባል የአገሬው ሰው ከሰል ያከስል ነበር። እንጨቱን ከምሮ በሣር ይሸፍንና አፈር ይመርግበታል፤ ከሥር ትንንሽ የአየር ቀዳዳ ትቶ ይለኩሰዋል። ተማሪዎቼን እዚያ ወስጄ፣ «እንጨቱ እንደ ምድጃ እንጨት እየነደደ አይደለም» እላቸዋለሁ። «አየር ስላነሰው በሙቀት እየተበታተነ ነው። ውሃው፣ አሲዱ፣ ሬንጁ በጭስ ይወጣና ካርቦኑ ይቀራል።» ኡጁሉ እየሰማኝ ይስቃል። እሱ ሁሉንም ከጭሱ ያነበዋል። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ነጭ ጭስ ነው፣ የእንጨቱ ውሃ። ቀጥሎ ቢጫ ቢጤ ይሆንና ዓይን ያቃጥላል። በመጨረሻ ሳስቶ ሰማያዊ ሲመስል ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃ ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው።

ጥር ላይ ባለሥልጣናት ከጋምቤላ መጥተው ሰፈራውን ሊጎበኙ ነው ተባለ። ለእንግዶቹ ምግብ ማብሰያ ከሰል አቅርብ ተብዬ ታዘዝኩ። ኡጁሉ ክምሩን ከደፈነው ገና ሁለት ቀኑ ነበር።

«መምህር፣ ገና ነው» አለኝ። እጄን ይዞ አፈሩ ላይ አሳረፈው። ሞቅ ይላል። «ይቀዘቅዛል፣ እንከፍታለን። አንድ ቀን ሜዳ ላይ እንበትናለን፣ እናያለን። ከዚያ ጆንያ።»

ከነገ ወዲያ እንግዳ ይመጣል፣ ይኼ ሰውዬ ቀን ይቆጥርልኛል። ደሜ ፈላ። «ጭሱ ቆሟል፣ እሳት የለውም። የተማርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» አልኩት። አዎ፣ እንዲህ ብዬዋለሁ። አካፋውን ከእጁ ነጥቄ ራሴ ከፈትኩት። ከሰሉ ጥቁር፣ ጸጥ ያለ ነበር። በጆንያ ሞልተን ሣር ክዳን ወዳለው የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን አስገባነው። የሰፋሪው የዘር በቆሎም እዚያው ነበር።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መጋዘኑ ነደደ። አንዲት ያልጠፋች ፍም አየር አግኝታለች፤ ትኩስ ከሰል ደግሞ አየር ሲነካው ራሱ ይግላል፤ በጆንያ ሲታጨቅ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬዋለሁ። ሰው አልተጎዳም። ከዘሩ ግን አንድ ፍሬ አልተረፈም። እናቶች አመዱን በእጃቸው ሲበረብሩ ቆሜ አየሁ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሰበሰበን። ያን ጊዜ «አሻጥር» የምትል ቃል ከተነሳች የሰው ሕይወት ያበቃል። «ሳይቀዘቅዝ ማን ከፈተው?» አለ። ኡጁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ክምሩ የእኔ ነው» አለ ኡጁሉ። የቀረውን እኔ እንድናገር እየጠበቀ እንደሆነ ገብቶኛል። ጠበቀ፣ ጠበቀ። ታጣቂዎች እየነዱ ጋምቤላ እስር ቤት ወሰዱት።

በሳምንቱ ሚስቱ አሪየት ቤቴ መጣች። ማመልከቻ የሚጽፍላት ፈልጋ ነው። «ጻፍ፣ መምህር። ባሌ ቸኮለ። ሳይቀዘቅዝ ከፈተ። አጥፍቷል፣ ማሩት።»

«እሱ... እንዲህ አለሽ?»

«ምንም አላለኝም። ግን ሌላ ማን ይከፍታል?»

ብዕሬን ይዤ ተቀመጥኩ። የእኔን ስም ለመጻፍ አንዲት መስመር ትበቃ ነበር። ፈራሁ፣ በቃ ፈራሁ። እሷ ያለችውን ቃል በቃል በሚያምር የእጅ ጽሑፌ ጻፍኩ፤ አነበብኩላት። የጣት አሻራ ቀለም አልነበረኝም፣ አውራ ጣቷን በከሰል ጥላሸት ነክራ ፈረመች። «እጅህ ይባረክ» ብላኝ ሄደች።

ከሦስት ወር በኋላ ለቀቁት። ከስቶ፣ እያነከሰ መጣ። ሳይውል ሳያድር ሌላ ክምር ሠራ። ጥፋቴን ልናገር ብዬ ወደ እሱ ሄድኩ። ቃሉን በመንገድ ላይ ደጋግሜ አጥንቼዋለሁ።

የደፈነው ክምር አጠገብ ቁጭ ብሏል። እጄን ያዘና እንደዚያ ቀን አፈሩ ላይ አሳረፈው።

«ምን ይላል?»

«ሞቅ ይላል» አልኩት።

«እንግዲያው እንጠብቃለን።»

አሪየት ውሃ ተሸክማ በአጠገባችን አለፈች። «መምህር፣ ይህን ሰው ጠብቅልኝ» አለች እየሳቀች፣ «እንዳለፈው ቸኩሎ እንዳይከፍተው።»

ኡጁሉ እጁን ከእጄ ላይ ሳያነሳ አየኝ። አፌን ከፈትኩ። አሪየት መልስ ትጠብቃለች።

«እሺ፣ እጠብቀዋለሁ» አልኳት።

ኡጁሉ እጁን አነሳና ፊቱን ወደ ክምሩ አዞረ።