አርባ ስድስት ፍራሽ

አስተዳዳሪያችንን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሆስፒታሉ በሙሉ «ቶሎ በሉ» ነው የሚለው፤ አፉን በከፈተ ቁጥር ከሌላ ቃል በፊት የሚወጣው እሱ ስለሆነ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት ለሱ ሲሉ ያወጡት ይመስለኛል። ልዩነቱ እሱ ያፈሰሰውን የሚለቅመው ሁሌም ሌላ ሰው መሆኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለቃሚዋ እኔ ነበርኩ።

የግዥ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ባለፈው ዓመት የጓንት ቁጥር አሳስቼ አዘዝኩና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ አልካድኩም። ቶሎ በሉ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ «ሁለተኛ ስህተት ካገኘሁብሽ ይህችን ወንበር እርሻት» አለኝ። ወንበሯ ምንም አልነበረችም፤ አንድ እግሯ በካርቶን የተደገፈ ነው። ግን የሁለት ልጆቼ ትምህርትና የቤት ኪራዬ የቆሙት እሷ ላይ ነበር፤ ከግዥ የወጣ ሰው የኃላፊነት አበሉ ይቀርበታል።

ነገሩ የተነሳው ከፍራሽ ነው። የአጥንት ክፍሏ ኃላፊ ነርስ፣ ሲስተር የምንላት፣ ስድሳ አራት ፍራሽ ጠየቀች። የነበሩት ፍራሾች መሃላቸው ሰርጉዶ በሽተኛው አልጋው ላይ ሳይሆን ሽቦው ላይ ነበር የሚተኛው። «ጀርባቸው እየቆሰለ ነው፤ ስብራት ሊታከሙ መጥተው ቁስል ይዘው ይሄዳሉ» አለችኝ። ይህን ስትለኝ ዓይኗ ደፍርሶ ነበር።

ለአራት አቅራቢዎች የዋጋ ማቅረቢያ መጠየቂያ መጻፍ ጀመርኩ። የዚህ ሥራ ምስጢሩ አንድ ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ መላክ። የስፖንጁ ውፍረትና ጥንካሬ፣ የሽፋኑ ዓይነት፣ ብዛቱ፣ ማስረከቢያው ቦታ፣ ዋጋው ታክስን ጨምሮ ይሁን፣ በስንት ቀን እንደሚያስረክቡ፣ አከፋፈሉ፣ ዋስትናው፣ ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚጸና፣ ፖስታው ታሽጎ የሚገባበት ቀንና ሰዓት። አንዱ ብቻ ቢለያይ የሚመጣው መልስ አይወዳደርም።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጽፌ አትሜ እንደጨረስኩ መብራት ጠፋ። የጻፍኩትም አብሮ ጠፋ፤ አላስቀመጥኩትም ነበር። መብራት ሲመጣ ከሲስተር ጥያቄ ላይ እያየሁ እንደገና ጻፍኩና የቀሩትን ሦስቱን አተምኩ። የታተመውን የመጀመሪያውን ግን መልሼ አላየሁትም። እዚህ ላይ ይያዝልኝ።

አራቱን ደብዳቤዎች ይዤ ልወጣ ስል ቶሎ በሉ በር ላይ ያዘኝ። አጠገቡ «ወዳጄ» ቆሟል። ወዳጄ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ሰውን ሁሉ «ወዳጄ» ስለሚል ቅጽል ስሙ ሆኖ ቀረ። ከአራቱ አቅራቢዎች አንዱም እሱ ነው።

«ቶሎ በይ፣ ምን ታንከራትቺያለሽ?» አለ አስተዳዳሪው። «ሁለቱ ሱቆች የሱ ጎረቤቶች ናቸው። የሦስቱንም ይዞ ይሂድ።»

«ጌታዬ፣ ተወዳዳሪ የተወዳዳሪን ደብዳቤ አያደርስም» አልኩ።

«ደብዳቤ ነው እንጂ ዋጋ አይደለም! ሰውየው ሊረዳን ነው የፈለገው።»

«ምን ችግር አለው ወዳጄ» አለኝ ወዳጄ፣ እጁን ዘርግቶ።

ሰጠሁት። አሁንም ሳስበው እጄን መቁረጥ ያምረኛል። አራተኛውን ግን አልሰጠሁም፤ ወደ ቤቴ መንገድ ላይ ያለች ፍራሽ የምትሠራ ሴት ናት፤ በራሴ እጅ ወስጄ አስፈርሜ አስረከብኳት። አሥር ሠራተኞች አሏት፣ ፀጉሯ ላይ ሁሌም የስፖንጅ ብናኝ አለ። ደብዳቤውን ተቀብላ «ስድስት ዓመት ለመሥሪያ ቤቶች ዋጋ ሰጥቻለሁ፤ እስካሁን አንድ እንኳ ተሸነፍሽ ብሎ የነገረኝ የለም» አለችኝ። «እኛ እንነግርሻለን» ብያት ወጣሁ።

ፖስታዎቹ በቀኑ ገቡ። በሰዓቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ቶሎ በሉ፣ ሲስተርና እትዬ የምንላቸው የሒሳብ ኃላፊ። እትዬ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ማንም የማያስቸኩላቸው ሴት ናቸው። እሽጎቹ እንዳልተነኩ አይተው ፈረሙበት። እኔ እየከፈትኩ አነብባለሁ፣ በማወዳደሪያው ሠንጠረዥ ላይም እሞላለሁ።

ወዳጄ፣ ለአንዱ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ፣ በሠላሳ ቀን፣ ብዛት አርባ ስድስት። ሁለተኛው ሱቅ አራት ሺህ ሁለት መቶ፣ ብዛት አርባ ስድስት። ሦስተኛው አራት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ብዛት አርባ ስድስት። የፍራሽ ሠሪዋ ሦስት ሺህ አራት መቶ፣ በአሥራ ስምንት ቀን፣ ሲሶውን ቅድሚያ ትጠይቃለች፣ ብዛት ስድሳ አራት።

«አርባ ስድስት?» አለች ሲስተር። «እኔ የጠየቅኩት ስድሳ አራት ነው። አሥራ ስምንት ሰው ምን ላይ ላስተኛ?»

ቶሎ በሉ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «ቆይ፤ ሦስቱ አርባ ስድስት ካሉ ደብዳቤያችን የሚለው አርባ ስድስት ነው። ታዲያ ይቺ ሴትዮ ስድሳ አራትን ከየት አመጣችው? ከውስጥ የነገራት አለ ማለት ነው! ደብዳቤዋን ማን ነበር የወሰደላት?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ፋይሉን ላምጣ» ብዬ ወጣሁ። ቢሮዬ ገብቼ የአራቱን ደብዳቤ ቅጂ ዘረጋሁ። የፍራሽ ሠሪዋ ስድሳ አራት። የሁለቱ ሱቆች ስድሳ አራት፣ ስድሳ አራት። የወዳጄ፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ያተምኩት፣ አርባ ስድስት።

ቁጥሩን የገለበጥኩት እኔው ነኝ። ቀጥሎ ግን ሌላው ነገር ገባኝ፤ ደሜም ፈላ። ስድሳ አራት የሚል ደብዳቤ የተጻፈላቸው ሁለት ሱቆች አርባ ስድስት ብለው እንዴት ይመልሳሉ? ደብዳቤያቸውን ሳያዩት ካልሆነ በቀር! ወዳጄ የሌሎቹን ፖስታ መቅደድ እንኳ ሰልችቶት፣ የራሱን ደብዳቤ ፊቱ አስቀምጦ ሦስቱንም መልስ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጽፎታል። ራሱን ርካሽ፣ ሌሎቹን ውድ አድርጎ። ስንት ዓመት ይሆን እንዲህ ሲያደርገን የኖረው? ስንቱን አልጋ፣ ስንቱን ወንበር በሦስት ማኅተም ገዝተነዋል? እኔስ ስንቱን ሠንጠረዥ በንጹሕ ጽሑፍ ሞልቼ «ተወዳድሮ አሸንፏል» ብያለሁ? እየዋሸሁ መሆኔን ሳላውቅ ስዋሽ መኖሬ ከሁሉም በላይ አንገበገበኝ።

ስወጣ ቶሎ በሉ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ፋይሉን ከእጄ ወስዶ አገላበጠ። ፊቱ አልተለወጠም። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስህተቱ ያንቺ ነው።»

«አዎ።»

«እንግዲህ ስሚኝ፤ ሁለተኛሽ ነው። እኔ አላየሁም፣ አንቺም አላሳየሽም። የወዳጄን የአንድ ፍራሽ ዋጋ በስድሳ አራት አባዢውና ይለቅ። ሴትዮዋ ጥያቄውን ያላከበረች ተብላ ትወጣለች። ልጆች አሉሽ።»

ልጆቼን ባያነሳ ኖሮ ምናልባት እሺ እል ነበር። እውነቱን ልናገር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የኔን ልጆች ለወዳጄ ማኅተም መያዣ ሲያደርጋቸው ስሰማ ፋይሉን ከእጁ ነጥቄ ገባሁ።

አራቱን ቅጂዎች እትዬ ፊት ደረደርኳቸው። «እትዬ፣ ይሄንን አርባ ስድስት ያልኩት እኔ ነኝ። የኔ ስህተት ነው። የላክነው ጥያቄ እኩል ስላልሆነ ውድድሩ መሰረዝ አለበት። አሁን ደግሞ እነዚህን ሁለቱን ይዩልኝ።»

እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ። ቅጂውን ከመልሱ፣ መልሱን ከቅጂው ጋር አስተያዩ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ሦስተኛው ሱቅ ደወሉና ድምፁን ለሁላችን አሰሙን።

«ከሆስፒታሉ ነው፤ ስለ ፍራሽ የጻፍንልዎ ደብዳቤ ደርሶዎታል?»

«የምን ደብዳቤ?» አለ ሰውየው። «እኔ ፍራሽ መሸጥ ካቆምኩ ዓመት አለፈኝ።»

«ማኅተምዎን ግን እዚህ እናየዋለን።»

«እ... ማኅተሙን ወዳጄ አንዳንዴ ይዋሰኛል። ችግር አለው እንዴ?»

ሲስተር ሳቀች። የንዴት ሳቅ ነበር። እትዬ ስልኩን ዘጉና «ቃለ ጉባኤ ጻፊ» አሉኝ። «ይህ ውድድር ተሰርዟል። ሦስቱ ዳግም አይጋበዙም። አዲስ ደብዳቤ ለአምስት አቅራቢ፤ ሁሉም ከአንድ ቅጂ ተባዝቶ፣ በእኛ ሰው እጅ፣ ተቀባዩ እየፈረመ።»

«ጊዜ የለንም! ቶሎ—» አለ አስተዳዳሪው።

«ዘጠኝ ዓመት ቸኮልን፤ አንድ ሳምንት ብንዘገይ አንሞትም» አሉ እትዬ። ቶሎ በሉም እስክሪብቶውን አንስቶ ፈረመ።

በሁለተኛው ዙር ርካሹ ሦስት ሺህ ሦስት መቶ የሚል ነበር፤ ነገር ግን ሽፋኑን አይጨምርም፣ የሚያስረክበውም በስድሳ ቀን ነው። ሽፋኑ ሲደመርበት ከሁሉም በለጠ። የፍራሽ ሠሪዋ ያንኑ ሦስት ሺህ አራት መቶ፣ ያንኑ አሥራ ስምንት ቀን ጻፈች፤ ለቅድሚያ ክፍያውም የባንክ ዋስትና አያይዛለች። አሸነፈች። ለተሸነፉት አራቱም ማን በስንት እንዳሸነፋቸው ጻፍኩላቸው። ያ በግዥ ክፍል የጻፍኩት የመጨረሻ ደብዳቤ ሆነ።

ፍራሾቹ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ገቡ። የኔም ደብዳቤ በዚያው ቀን ደረሰኝ። ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ «ለአቅራቢዎች እኩል ያልሆነ ጥያቄ በመላክ ፍትሐዊ ውድድርን ስላጓደሉ ከግዥ ክፍል ተነስተው ወደ መዝገብ ቤት ተዛውረዋል።» ከሥሩ የቶሎ በሉ ፊርማ። ወዳጄ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈበትም። ማኅተም ያዋሱትም፣ ደብዳቤውን ለሱ ስጪ ያለኝም ደኅና ናቸው። በዚህ ሁሉ ጉድ ፍትሕን ያጓደለች እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ! ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነበር ያስለቀሰኝ። የልጆቹን የትምህርት ቤት መኪና አስቀረሁት፤ በእግራቸው ይሄዳሉ።

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። ያለቀ ጉዳይ ፋይል ሁሉ ተቆጥሮ ወደዚያ ይወርዳል። በሦስተኛው ሳምንት የፍራሹም ፋይል ወረደ፤ አራቱ ቅጂዎች፣ ሦስቱ የወዳጄ መልሶች፣ ቃለ ጉባኤው። ቆጥሬ ፈርሜ ተረከብኩ።

ኦዲተሮች እንደሚመጡ በተሰማ ማግስት ቶሎ በሉ ራሱ ደረጃውን ወርዶ መጣ። ወደዚያ ሲወርድ አይቼው አላውቅም።

«የፍራሹን ፋይል ስጪኝ፤ የማስተካክለው ነገር አለ። ቶሎ በይ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሞኝ መሆኔን በፊርማው አረጋግጦልኛል፤ ወረቀቱም እኔ ዘንድ ነበር።

«እሺ ጌታዬ» አልኩት። «የትኛውን ፋይል፣ ለምን ጉዳይ፣ በስንት ቀን እንደሚመልሱት ገልጸው በጽሑፍ ይጠይቁኝ።»