የሚያልበው ሳሙና

«እህቴ ሂያም፣ ሰኪና እባላለሁ። እዚሁ ገዳሪፍ ነኝ፤ በሰሊጥ ዘይት ሳሙና መሥራት ጀምሬያለሁ። ልላክልሽና ታጥበሽበት ያየሽውን በገጽሽ ተናገሪ። ግማሹን ክፍያ አሁን፣ ግማሹን ሲለጠፍ እሰጣለሁ። ተከፍሎሽ መሆኑንም ለሚያዩሽ ንገሪያቸው። ከመለጠፉ በፊት ግን ቪዲዮውን አሳዪኝ።»

የእህቴ ልጅ ሂያም ይህን ከስልኳ አነበበችልኝ። እዚህ ሱዳን ያሉ የኛ አገር ሴቶች ዕቃ ሲገዙ መጀመሪያ የእሷን ፌስቡክ ነው የሚያዩት። ቃሏን ያምናሉ፤ ሌላ ሀብት የላትም።

«ሳታውቅሽ እህቴ የምትልሽን ፍሪ» አልኳት። ፋሽጋ እርሻ ላይ ሰሊጥ ሳጭድ የባለእርሻው ወኪል ወንድሜ ይለኝ ነበር። ምሳ ሲቀርብ ለትራክተር ነጂው ምንጣፍ፣ ለኔ መሬት። ይህን እስካሁን አልረሳሁትም።

«ኻሊ፣ አንተ ደግሞ ሰውን ሁሉ ወኪል ታደርገዋለህ» አለችኝ። አጎቴ ማለቷ ነው።

ሳሙናውም ግማሹ ክፍያም መጣ። ክረምት ነበር፤ ዝናቡ አያባራም። አንድ ጠዋት ማንም ያልነካው ሳሙና ላይ ጠብታ ጠብታ ውሃ አየሁ።

«ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ አጠጥታዋለች» አልኩ።

ሂያም ደወለችላት። ሰኪና «ተይ፣ ውሃ አልጨመርኩበትም፤ የእጅ ሥራ ሳሙና በክረምት የአየሩን እርጥበት ይስባል» አለች።

«ታዲያ አስቀድመሽ ለምን አልነገርሽም?» ብዬ ከጎን ጮህኩ። ስልኩን ዘጋችው።

ሂያም ሁሉንም ተናግራ በቪዲዮ ቀረጸችው፦ ተከፍሎኛል፤ ቆሻሻ ያስለቅቃል፤ ቆዳ አያደርቅም፤ ግን ያልበዋል፣ ቶሎም ይሟሟል። ላከችላት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ያልበዋል ያልሽውን ቁረጪልኝ። ገና ጀማሪ ነኝ፣ ማን ይገዛኛል?»

«ይኸው፣ አላልኩሽም?» አልኩ።

ሂያም እንዲህ ስትል ጻፈችላት፦ «አልቆርጥም። ነገ ገዝተው ሲያልበው ቢያዩ ውሸታም የምባለው እኔ ነኝ። ካልፈለግሽ ገንዘብሽን ውሰጂ፣ አይለጠፍም።»

በማግስቱ ሰኪና ራሷ መጣች፤ ጥቁሩ ጭቃ ጫማዋን ውጦታል፣ የለበሰችውን ቶብ፣ የሱዳን ሴቶችን ኩታ፣ ጫፉን በእጇ ሰብስባለች። ገንዘቧን ልትወስድ ነው ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ሰላም አይባልም እንዴ እዚህ ቤት?» አለችኝ።

«ኻሊ ነው፤ ግቢ እስኪልሽ ከጠበቅሽ እዚያው ትመሺያለሽ» አለች ሂያም ከውስጥ።

ሰኪና ገብታ ተቀመጠች። «አማቴ ቤት ያለውም ያልበዋል። ጨርቅ ይዤ ስጠርግ ነው የምውለው። ብናገር ሥራውን ተዪ ይሉኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«እሱኑ ለገዢዎቹ ንገሪያቸው ታዲያ» አለች ሂያም።

እንደገና ቀረጹ። ሂያም ያልበዋል ያለችው እንዳለ ሆኖ፣ ሰኪና በወረቀት ተጠቅልሎ ደረቅ ቦታ እንዲቀመጥ፣ ታጥበው ሲጨርሱም ውሃ እንዳይተኛበት ወንፊት ላይ እንዲያኖሩት አሳየች። እዚያው ተለጠፈ። ሴቶቹ የት እንደሚገኝ መጠየቅ ጀመሩ።

ሰኪና ቀሪውን ክፍያ ሰጠች። እኔ ቀድሜ ተቀበልኩና የገንዘቡን ኖቶች አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሳሁ።

«ሐሰተኛ ነው እንዴ፣ አጎቴ?» አለችኝ።

«ቆይ፣ እያየሁ ነው» አልኳት።